በጅማ የሥራ ግሩፖች የኢሞጂ ሪአክሽን አጠቃቀም

በጅማ መሥሪያ ቤቶች፣ ከዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍሎች እስከ ቡና ነጋዴዎች መጋዘን፣ የዕለት ሥራ መልእክት በብዛት የሚተላለፈው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። «እሺ»፣ «ደርሶኛል»፣ «አመሰግናለሁ» ይባልበት የነበረውን ቦታ አሁን መልእክቱ ሥር የሚቀመጥ ምልክት ይዞታል።

ሪአክሽን በሥራ መልእክት መገልገያ ላይ ጎልቶ የወጣው ስላክ የተባለው መገልገያ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሲጀምረው ነው። ቴሌግራም በታኅሣሥ 2021 ማብቂያ ላይ ጨመረው፤ ዋትስአፕ በግንቦት 2022 በ6 ምልክቶች ጀመረ።

ለጅማ ግሩፖች ትልቁ ጥቅም ጸጥታው ነው። 60 አባላት ባሉት ግሩፕ ሁሉም «እሺ» ብሎ ቢጽፍ ወደ 60 ጊዜ ስልክ ይጮኻል፤ ዋናው ማስታወቂያም ወደ ላይ ተገፍቶ ዳታውን ማታ የሚከፍት ሠራተኛ ሊያጣው ይችላል። ሪአክሽን ግን ማስታወቂያውን ከቦታው አያነሳውም፤ የሚያሳውቀውም ለጻፈው ሰው ብቻ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። አንዱ «እሺ»፣ ሌላው በኦሮምኛ «ቶሌ» በሚልበት ከተማ 👍 ለሁለቱም እኩል ይነበባል።

ችግሩ የሚመጣው ያው 👍 ሦስት ነገር ሊሆን ስለሚችል ነው፦ «አይቻለሁ»፣ «እስማማለሁ» እና «እኔ እሠራዋለሁ»። በቡና ወቅት አንድ ኃላፊ ዓርብ ማታ «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት መኪና ይጫናል፤ ሁለት ሰው መጋዘን ይገኝ» ብሎ ጻፈ እንበል። ዘጠኝ 👍 ይመጣለታል፤ ኃላፊው ሰው ሞላ ብሎ ይተኛል። ዘጠኙ ግን እያንዳንዳቸው «አይቻለሁ፤ ሌሎቹ ይሄዳሉ» ብለው ነው የነኩት። ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ሹፌሩ ብቻ ይቆማል። ስለዚህ በደንብ በሚሠሩ ግሩፖች ያልተጻፈው ደንብ ግልጽ ነው፤ ምልክቱ ማየትን ብቻ ያሳያል፣ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው «እኔ እገኛለሁ» ብሎ ይጽፋል። አስታዋቂውም ሰዎቹን በስም ይጠራል። የሁሉንም ሐሳብ ማወቅ ሲፈልግ ፖል ይከፍታል።

ከዚህ የባሰው መልእክት ሲታረም የሚፈጠረው ስሕተት ነው። ኃላፊው ማታ 4 ሰዓት ላይ ያንኑ መልእክት ከፍቶ «2 ሰዓት» የሚለውን «12 ሰዓት ተኩል» ቢያደርገው ዘጠኙ 👍 ባሉበት ይቀራሉ፤ አንዱም ሰው ግን አዲሱን ሰዓት ላያይ ይችላል። እርማት ስልክ አያስጮኽም። ከጽሑፉ አጠገብ የምትታየው «edited» የምትል ትንሽ ቃል ብቻ ናት ምልክቱ። ሰዓት ወይም ቦታ ሲለወጥ አዲስ መልእክት ጽፎ ፒን ማድረግ፣ አሮጌውንም ማጥፋት ይገባል። ሪአክሽን እንደ ፊርማ የማይያዝበት ምክንያትም እዚህ አለ፤ ሰጪው ደግሞ ከነካው ይጠፋል፣ ዱካም አይተውም። ክርክር ሲነሳ ግን ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ በ2023 በካናዳ ሳስካችዋን ፍርድ ቤት አንድ ገበሬ በስልክ ለተላከለት የተልባ ውል የመለሰውን 👍 እንደ ስምምነት ቆጥሮ ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ወስኖበታል።

ማን አየ ማን አላየ ለማወቅ ምልክት መቁጠር አያስፈልግም። ከ100 በታች አባላት ባሉት ግሩፕ ላኪው የራሱን መልእክት ሲነካ ያነበቡት ስም ይወጣለታል፤ ዝርዝሩ የሚቆየው ለ7 ቀን ነው። ቻናል ላይ ግን ማን ሪአክት እንዳደረገ አይታይም፤ ለሥራ ክትትል ግሩፕ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የሐዘን መልእክት የራሱ ሥርዓት አለው። ቴሌግራም ላይ መልእክትን ሁለት ጊዜ መታ ማድረግ በሴቲንግ የተመረጠውን ፈጣን ምልክት ወዲያው ይልካል፤ በዚህ ምክንያት የሞት ዜና ሥር ሳይታሰብ ❤ ወይም 👍 ያርፋል። ወዲያው ደግሞ ነክቶ ማንሳት ያስፈልጋል። 😢 እና 🙏 ተቀባይነት አላቸው፣ ሆኖም ምልክት ብቻ ሰጥቶ ማለፍ እንደ ቸልታ ይታያል። ክርስቲያኑ «ነፍስ ይማር»፣ ሙስሊሙ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ይጽፋል፤ ለቅሶ መድረሱ ከዚያ ይከተላል። ግሩፑን ከዚህ በከፊል የሚያድን አድሚን ሪአክሽኖቹን ጥቂት አድርጎ የሚወስን ነው፤ ከግሩፑ ሴቲንግ ገብቶ 👍፣ 🙏 እና 😢 ብቻ እንዲቀሩ ማድረግ ይችላል።

ለአለቃ 👍 መስጠት ነውር ነው ወይ በሚለው ላይ ሰዉ አልተስማማም። ወጣቶች እንደ ጨዋ «እሺ» ያዩታል፤ በዕድሜ የገፉ ኃላፊዎች ለታናሽ የሚሰጥ ፈቃድ ይመስላቸዋል ይባላል። በተግባር ግን ለአንጋፋ ሰው ቀጥታ ትእዛዝ «እሺ፣ እንዳሉት አደርጋለሁ» ብሎ መጻፍ፣ ለጠቅላላ ማስታወቂያ ደግሞ 🙏 ማስቀመጥ ማንንም አያስቀይምም። ❤ ግን በተለይ ከወንድ ለሴት የሥራ ባልደረባ ባይሰጥ ይመረጣል፤ ማን እንደሰጠው ስለሚታይ ግሩፑ ሁሉ ሊያየው ይችላል።