ሙዛን መጥራት ምንድን ነው? እነዚያ ረጃጅም "እንደ"ዎችስ?

"ሙዛዬ ከጠፋች ሦስት ወሯ ነው፤ ግጥም እምቢ ብሎኛል" የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ሙዛ በጥንት ግሪኮች ዘንድ ከግጥምና ከዘፈን አማልክት አንዷ ናት። ከሥሩ አንዱ አጽናኝ "አይዞህ፣ ሆሜርም እኮ ሙዛዋ ካልመጣችለት አይጀምርም ነበር" ብሎታል። ማጽናናቱስ ደግ ነው። ሆሜር ላይ የተባለው ግን ልክ አይደለም። ይህን ነገር ስንት ጊዜ አይቼ እንዳላየሁ እንዳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የዛሬውን ማለፍ አቃተኝ።

(ስሟ ሙዛ ነው። "ሙሴ" ብለው የሚጽፉም አሉ። ሙሴ ባሕር የከፈለው ነው።)

ሆሜር ማን ነው፣ ትሮይ የት ናት የሚለውን እዚህ አልደግምም። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የትሮይን ጦርነት በሚተርከው የሆሜር ግጥም፣ በኢሊያድ ውስጥ፣ ሙዛ ሙድ አይደለችም። ገጣሚው የሚጠራት እንዲነሽጠው ብሎ አይደለም። መረጃ ይጠይቃታል።

ማስረጃው 2ኛው መጽሐፍ ላይ፣ ከመስመር 484 ጀምሮ አለ። የግሪኮች ጦር ሜዳው ላይ ተሰልፏል። ገጣሚው ድንገት ታሪኩን ያቆምና እንዲህ ይላል፦ "አሁን ንገሩኝ፣ በኦሊምፐስ የምትኖሩ ሙዛዎች። እናንተ አማልክት ናችሁ፣ በቦታው አላችሁ፣ ሁሉንም ታውቃላችሁ። እኛ ወሬ ብቻ እንሰማለን እንጂ ምንም አናውቅም። የዳናውያን መሪዎችና አለቆች እነማን ነበሩ?"

ዳናውያን የሚላቸው ግሪኮቹን ነው። እስቲ ጥያቄውን ልብ በሉት። "እነማን ነበሩ?" ነው የሚለው። "ልቤን አሙቂው" የሚል ነገር የለበትም።

ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ይህን ወዲያው ይገባዋል። ዳኛው ምስክሩን መጀመሪያ የሚጠይቁት "በዓይንህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?" ብለው ነው። ገጣሚው ይህን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቀው በራሱ ላይ ያነሳል። መልሱም "እኔ የሰሚ ሰሚ ነኝ" ነው። ስለዚህ የዓይን ምስክር ይጠራል። ሙዛዎቹ አይሞቱምና ያኔም እዚያው ነበሩ።

እዚህ ላይ "ወሬ" ብዬ የተረጎምኩት ቃል በግሪክኛው ክሌኦስ ነው። ያው ቃል ዝና ማለትም ነው። የግሪኮቹ ጀግና አኪሌስና ጓደኞቹ ሕይወታቸውን የሚሰጡለት ዝና ማለት ነው። ምስክር ካልቆመለት፣ ያ ሁሉ ዝና ለእኛ ወሬ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ይቺን ነጥብ በጣም እወዳታለሁ።

ሌሎቹ ጥሪዎችም ያው ናቸው። በ11ኛው መጽሐፍ ስለ ግሪኮቹ የበላይ አዛዥ "አጋሜምኖንን መጀመሪያ የገጠመው ማን ነበር?" ይላል። በ16ኛው "እሳቱ መጀመሪያ መርከቦቹ ላይ እንዴት ወደቀ?" ይላል። ጥያቄው ይመጣል፣ መልሱ ወዲያው ይከተላል። ሙዛዋን የሚጠብቅበት፣ "ዛሬ እምቢ አለችኝ" የሚልበት ቦታ አንድም የለም።

አንዱ ተከራካሪ ግን "ይሄ ያው እንደ ዛር ነው፤ ሰፍራበት ነው የሚዘፍነው" ብሏል። ገጣሚ ከአእምሮው ወጥቶ፣ አምላክ ሰፍሮበት ይናገራል የሚለውን ሐሳብ በሰፊው የምናገኘው ፈላስፋው ፕላቶ ኢዮን በሚለው ድርሰቱ ላይ ነው። ያ ደግሞ ከሆሜር በጣም የዘገየ ነው። የሆሜር ገጣሚ ራሱን አይስትም። አእምሮው ሙሉ ሆኖ ይጠይቃል፣ መልሱንም በራሱ ድምፅ ይዘፍናል። በሆሜር ሌላው ግጥም፣ በኦዲሴይ ውስጥ ያለው ዘፋኝ ፌሚዮስ "ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ነኝ፤ አምላክም መንገዱን ሁሉ በልቤ ተክሏል" ይላል፣ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ። ለእሱ ሁለቱ አይጣሉም።

የምስክሩ ምሳሌ የሚያነክስበት ቦታም አለ፣ አልደብቅም። ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል። ሙዛን ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃታል? ሄሲዮድ የሚባለው ሌላው ጥንታዊ ገጣሚ ደግሞ ሙዛዎቹ ራሳቸው "እውነት የሚመስል ብዙ ውሸት መናገር እናውቃለን፤ ስንፈልግ እውነቱንም እንናገራለን" እንዳሉት ጽፏል። እንዲህ የሚል ምስክር ችሎት ላይ አያድርስ። ሆሜር ግን ይህን ጥርጣሬ አያነሳውም።

እንግዲህ ከጥሪው በኋላ የሚመጣው የመርከቦቹ ዝርዝር ነው። 29 የጦር ክፍሎች፣ ከ260 መስመር በላይ። የመርከቦቹ ቁጥር ሲደመር 1186 ይሆናል። ብዙ አንባቢ ይህን ዘልሎ ያልፋል፣ አልፈርድም። የሙዛዋ ሥራ ግን ይኸው ነው። ገጣሚው "አሥር ምላስ፣ አሥር አፍ፣ የማይሰበር ድምፅ፣ የነሐስ ልብ ቢኖረኝ እንኳ ተራውን ጦር ሙዛዎቹ ካላስታወሱኝ አልዘልቀውም" ይላል። ይህን ሰዎች ትሕትና ይሉታል። እኔ እንደማየው ሥራ መከፋፈል ነው። ድምፁ የእኔ፣ ትዝታው የእናንተ እያለ ነው። በሄሲዮድ መሠረት የሙዛዎቹ እናት ምኔሞሲኔ ናት፣ ትርጉሙም ትዝታ።

አሁን ከጥሪው 30 መስመር ያህል ወደኋላ እንመለስ። ረጃጅሞቹ ንጽጽሮች ያሉት እዚያ ነው። በጥቂት መስመር ውስጥ ስድስት ተደርድረዋል፣ እንደዚህ የተጠጋጉበት ቦታ ኢሊያድ ውስጥ ብዙ የለም።

መጀመሪያ በተራራ ጫፍ ላይ ደን የሚበላ እሳት አለ፤ ብርሃኑ ከሩቅ ይታያል። የጦሩ ነሐስ እንዲሁ እስከ ሰማይ አበራ። ቀጥሎ በካይስትሮስ ወንዝ ዳር የሚንጫጩ ዝይዎች፣ ሽመላ የሚመስሉ ወፎችና አንገተ ረጃጅም የውኃ ወፎች ይመጣሉ። ሲያርፉ ሜዳው ያስተጋባል። ምድሩም በሰውና በፈረስ እግር ሥር እንዲሁ አስተጋባ። ከዚያ ቁጥራቸው እንደ ቅጠልና እንደ አበባ ይሆናል። ከዚያ በጸደይ፣ ወተት ዕቃውን ሲያርሰው፣ በረት ውስጥ የሚርመሰመስ ዝንብ። ከዚያ የተቀላቀለ መንጋን በቀላሉ የሚለዩ የፍየል እረኞች፤ አለቆቹም ወታደሮቻቸውን እንዲያ ለዩ። በመጨረሻ በላሞች መሐል ጎልቶ የሚታይ ኮርማ፣ እሱም አጋሜምኖን ነው።

ቅደም ተከተሉን አያችሁት? ከሩቅ ብርሃን ይታየናል። ቀረብ ስንል ድምፅ እንሰማለን። ከዚያ ብዛቱ፣ ከዚያ ጥድፊያው፣ ከዚያ ሰልፉ፣ ከዚያ አንድ ሰው። ከዚህ በኋላ የቀረው ስም ብቻ ነው። ሙዛዎቹ የተጠሩት እዚህች ጋ ነው።

ለእኔ የነገሩ ቁልፍ ይህ ነው። ንጽጽሩን ገጣሚው ያለ ምስክር ይሠራዋል። በወተት ላይ ዝንብ ያላየ ማን አለ? አድማጩም አይቷል፣ እሱም አይቷል። ጦሩ ምን ይመስል እንደነበር ከምናውቀው ነገር ተነስቶ ሊያሳየን ይችላል። ስም ግን ከዝንብ አይገኝም። ቦዮቲያ ከሚባለው የግሪክ አውራጃ የመጡትን ሰዎች ማን እንደመራቸው የሚያውቅ፣ እዚያ የነበረ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ብስጭቴ። "የሆሜር ንጽጽር እንደኛው ሰምና ወርቅ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። በሰምና ወርቅ አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም ይሸከማል፣ ወርቁም ተደብቆ ፈላጊውን ይጠብቃል። እዚህ ምንም የተደበቀ ነገር የለም። ሁለቱም ወገን ፊት ለፊት ተዘርግቷል፤ "ልክ እንደዚህ" ይልና ይጀምራል፣ "እንዲሁም" ብሎ ይመለሳል። ወርቅ ፍለጋ የገባ ሰው ዝንቡ ማን ነው፣ ወተቱ ምንድን ነው እያለ ይደክማል። ወተቱ ወተት ነው።

የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። የቀረው ትርፍ ነው፣ ትርፉም ሆን ተብሎ ነው። 12ኛውን መጽሐፍ ተመልከቱ። ሁለቱ ጦሮች በግሪኮች ቅጥር ላይ ተናንቀዋል፤ ማንም ማንንም አይገፋም። መጀመሪያ በጋራ እርሻ ላይ፣ መለኪያ ዘንግ ይዘው፣ በጠባብ ቦታ ስለ ድንበር የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። (ይህን ለአገራችን ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።) ጥቂት መስመር ቆይቶ አንዲት ሠርታ አዳሪ ሴት ትመጣለች። ታማኝ ናት። ሚዛን ይዛ፣ በአንድ ወገን ክብደቱን፣ በሌላው ሱፉን አድርጋ፣ እኩል እስኪሆን ታነሳለች። ለልጆቿ ያቺን ትንሽ ደመወዝ ልታገኝ።

መገናኛው የሚዛኑ እኩል መቆም ነው፣ በቃ። ልጆቹ ጦርነቱ ውስጥ አቻ የላቸውም። ደመወዙም የለውም። ታዲያ ለምን ገቡ? በእኔ ግምት ሚዛኑን ያዝ አድርገው ለማቆየት ነው። እሷ ሱፉን እያስተካከለች ሳለ ማንም አይሞትም። እኛም አንድ ደቂቃ ከትሮይ ወጥተን እሷ ቤት እንቆያለን። ወዲያው የአማልክቱ አለቃ ዜውስ ለትሮዮቹ ጀግና ለሄክቶር ክብሩን ይሰጠዋል፣ ሄክቶርም ወደ ቅጥሩ ውስጥ ዘልሎ ይገባል። ልጆቹን ቆርጣችሁ ብታወጡ ሚዛኑ ይቀራል፣ ቆይታው ግን ይጠፋል።

የተርጓሚ ነገር ሆኖብኝ፣ ያልተጠየቅኩትን አንድ ልጨምር። ግሪክኛው "ልክ እንደ"ን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣል። አድማጩ ገና ከመነሻው ንጽጽር ውስጥ መግባቱን ያውቃል፣ ተደላድሎ ይከተላል። የእኛ "እንደ" ግን ግሡ ላይ ይለጠፋል፣ ግሣችን ደግሞ መጨረሻ ነው። "ታማኝ ሠርታ አዳሪ ሴት ሚዛን ይዛ ክብደቱንና ሱፉን እያስተካከለች ለልጆቿ ትንሽ ደመወዝ ልታገኝ እንደምታነሳ" ብዬ ብተረጉም፣ አድማጬ ሴትዮዋ ጦር ሜዳ መሐል ምን ትሠራለች ብሎ እስከ መጨረሻው ቃል ይደናገራል። ስለዚህ እኔ ቆርጬ ነው የማቀርበው፦ "ሚዛን የያዘች ሴት አይታችኋል? ሠርታ አዳሪ፣ ታማኝ። በአንድ በኩል ክብደቱ፣ በአንድ በኩል ሱፉ። እኩል እስኪሆን ታነሳለች፣ ለልጆቿ ያቺን ትንሽ ደመወዝ ብላ። ጦርነቱም እንዲያ እኩል ቆመ።"

ጥያቄው የእኔ ጭማሪ ነው፣ ሆሜር "አይታችኋል?" አይልም። ያለ እሱ ግን በአማርኛ በሩ የሚከፈትበት ሌላ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።