በ1966 ጎዳና የወጡት ጥያቄዎችና ፓርቲ የሆነው አንዱ

በ1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ መሃል ሰልፍ በሰልፍ ነበር። በየካቲት መጨረሻ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞች፣ ክርስቲያኖችም ተቀላቅለዋቸው፣ የሃይማኖት እኩልነት ጠየቁ። የስድስት ኪሎ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት በ1957 ነው። የብሔረሰቦችን ጥያቄ ደግሞ የዋለልኝ መኮንን ጽሑፍ በ1962 አደባባይ አውጥቶታል። መደብ፣ ሃይማኖት፣ ብሔርና አካባቢ፣ ሁሉም በአንድ ከተማ ተነሡ። ኋላ ለዘለቄታው የፓርቲዎች መሠረት የሆነው ግን የመጨረሻው ነው። ለምን?

ይህን ጥያቄ የሚያጠናው የማኅበራዊ ክፍፍል ንድፈ ሐሳብ ነው። ሲይሞር ማርቲን ሊፕሴትና ኖርዌጂያዊው ስታይን ሮካን እ.ኤ.አ. በ1967 የምዕራብ አውሮፓን ፓርቲዎች መነሻ ሲፈልጉ አራት ክፍፍሎች ላይ ደረሱ። እነሱም ማዕከልና ዳር አገር፣ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን፣ ገጠርና የከተማ ኢንዱስትሪ፣ ቀጣሪና ሠራተኛ ናቸው። በእነሱ ዘመን የነበሩት ፓርቲዎች በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራውን ክፍፍል ይዘው እንደ በረዶ ረግተው ነበር።

ልዩነት ስላለ ብቻ ግን ክፍፍል አይባልም። ኋላ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራኑ ባርቶሊኒና ሜር እንዳብራሩት ሦስት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው። ሰዎቹ በኑሯቸው የተለዩ መሆን አለባቸው። «እኛ» የሚል ስሜት ሊኖራቸው ይገባል። ያንን ስሜት የሚሸከም ድርጅትም ያስፈልጋል። እኔ ከሦስቱ ለአዲስ አበባ ታሪክ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለድርጅቱ ነው።

መደቡን እንይ። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬትን፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ባለርስቱና ባለትርፍ ቤቱ እንደ መደብ ከመድረኩ ወረዱ። ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ ላይ ተከራዩ ከአከራዩ ጋር መፋጠጡ ቀረና አከራዩ ቀበሌ ሆነ። ኪራዩ ረከሰ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ግን አቤት የሚባለው መንግሥት ዘንድ ነው። በዚህ ላይ ነጻው የሠራተኛ ኮንፌዴሬሽን ፈረሰና መንግሥት በሚቆጣጠረው ማኅበር ተተካ። ድህነቱ አልጠፋም፤ ተቃራኒ ወገኑና ድርጅቱ ግን ጠፉ። ደሃና ሀብታም ባለበት ከተማ የሠራተኛ ፓርቲ ጎልቶ ያልወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሃይማኖቱ በሌላ መንገድ ሄደ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር። ደርግ የሙስሊም በዓላትን ብሔራዊ አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ። ጥያቄው በከፊል ከምርጫ ውጪ ተመለሰ ማለት ነው። በ2004 «ድምፃችን ይሰማ» የሚለው እንቅስቃሴ ሲነሣ «እኛ» የሚለው ስሜትም፣ የሚመራው ኮሚቴም ነበር። ፓርቲ ግን አልሆነም። ዋናው ጥያቄ «መንግሥት እጁን ከመጅሊሱ ያውጣ» ነበርና ለዚያ የምክር ቤት ወንበር ማሸነፍ አያስፈልግም።

የብሔር ጥያቄ ያነሡት ግን ከከተማው ወጥተው ድርጅት ሠሩ። ሕወሓት የካቲት 1967 ጫካ ገባ። ከተማ ያሉት ማኅበራት ሲፈርሱ የእሱ መዋቅር እዚያ አደገ። በ1983 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በሱ መሪነት ኢሕአዴግ ክልሎችን፣ ፓርቲዎችንና የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች በዚያው ክፍፍል ላይ ሠራ። በአውሮፓ ረጅም ዘመን የወሰደውን መርጋት እዚህ ሕግ አፋጠነው።

አዲስ አበባ ራሷ ግን በዚህ ልክ አልተሰፋችም። በ1997 ምርጫ የብሔር ፌዴራሊዝሙን አጥብቆ የተቸው ቅንጅት የከተማዋን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ደግሞ 137ቱን ወሰደ። ብዙዎች ይህን የከተማና የገጠር ክፍፍል ይሉታል። ሊሆን ይችላል። የመደብ ክፍፍል ነው ለማለት ግን ይከብዳል። ቢሆን ኖሮ የቀበሌ ቤት የሞላበት ሰፈርና ባለቪላው ሰፈር መቀመጫቸውን ለየወገናቸው በሰጡ ነበር።

ሌላው መፈተኛ ቀጣዩ ምርጫ ነው። እውነተኛ ክፍፍል መሪ ቢቀየርም ድምፁን ይዞ ይቆያል። በ2002 ኢሕአዴግ ከ23ቱ 22ቱን አሸነፈ። ከዚህ ተነሥቶ «የ1997ቱ ማዕበል ብቻ ነበር» ማለት ያጓጓል። ሁለት ነገር ግን ያግዳል። አንደኛ፣ በመሃሉ የቅንጅት መሪዎች ታስረዋል፣ ድርጅቱም ተበትኗል። መራጩ የቀደመውን ስም ወረቀቱ ላይ ባያገኘው ስሜቱ ተለወጠ ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ በእኛ የምርጫ ሥርዓት በአንድ ምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘ መቀመጫውን ይወስዳል፤ የተሸናፊው ድምፅ በወንበር ቁጥር አይታይም። ስለዚህ ክፍፍሉን የሚፈልግ ሰው ወንበሩን ትቶ የየጣቢያውን ድምፅ፣ ጎን ለጎንም ያልተመዘገበውንና ያልወጣውን መራጭ ማየት አለበት።