የትሬዲንግ ጆርናል ምንድን ነው? በየትሬዱ ምን ምን ይመዘገብበታል?

ትሬዲንግ ጆርናል ማለት ትሬድ ከመግባታችሁ በፊት ያሰባችሁትን፣ ውስጡ እያላችሁ የተሰማችሁንና ከወጣችሁ በኋላ ያያችሁትን የምትጽፉበት መዝገብ ነው። ደብተር ላይ ይሁን ጉግል ሺት ላይ ለውጥ የለውም።

ብዙ ሰው ጆርናል ሲባል የትርፍና የኪሳራ ሂሳብ ይመስለዋል። እሱንማ ሜታትሬደር ራሱ ይይዝላችኋል። `History` የሚለውን ስትነኩ የገባችሁበት ዋጋ፣ የወጣችሁበት ዋጋ፣ ሎቱና ያገኛችሁት ዶላር ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ለምን እንደገባችሁ ግን እዚያ የለም። ልባችሁ ሲመታ እንደነበር የለም። ቻርቱ በዚያች ደቂቃ ምን ይመስል እንደነበርም የለም። ጆርናል የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አካውንታችሁ ላይ 500 ዶላር አለ እንበል። ወርቅ በ2,650 ገዛችሁ፣ በ0.01 ሎት። ስቶፓችሁ 2,645 ላይ ነው፤ ቴክ ፕሮፊቱ 2,660 ላይ። በ0.01 ሎት ወርቅ አንድ ዶላር ሲንቀሳቀስ እናንተም አንድ ዶላር ታገኛላችሁ ወይም ታጣላችሁ። ስለዚህ ስቶፕ ቢመታችሁ 5 ዶላር፣ ማለትም የአካውንታችሁ 1 ፐርሰንት ይሄዳል። ይቺን 5 ዶላር 1R እንላታለን። ኢላማው 10 ዶላር ስለሆነ 2R ነው። ዋጋው 2,657 ድረስ ወጣ፤ ትንሽ ሲመለስ ደነገጣችሁና 2,653 ላይ ዘጋችሁ።

```
R = (2653 - 2650) / (2650 - 2645) = 0.6
```

ከቁጥሮቹ መካከል በእጃችሁ መጻፍ ያለባችሁ አንዱ መጀመሪያ ያስቀመጣችሁት ስቶፕ ነው። መሀል ላይ ስቶፑን ወደ መግቢያችሁ ካስጠጋችሁት ወይም አርቃችሁ ከሰደዳችሁት፣ ከወር በኋላ 1R ስንት እንደነበር ማወቅ ይቸግራል። R ከሌለ ደግሞ የ0.01 ሎቱን ትሬድ ከ0.05 ሎቱ ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ሰዓቱም ለእኛ ለብቻው ችግር አለው። ለንደን በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ ላይ ጠዋት 4 ሰዓት ይከፈታል፤ ጥር ላይ ግን 5 ሰዓት። እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊትና ወደኋላ ያደርጋሉ፤ እኛ አናደርግም። የአሜሪካ የዋጋ ግሽበት ዜናም እንዲሁ ነው፤ በጋቸው ላይ ከቀኑ 9:30፣ ክረምታቸው ላይ 10:30 ይወጣል። ስለዚህ “4:35 ገባሁ” ብቻ ብትሉ ሐምሌ ላይ ገበያው ከተከፈተ ከ35 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ጥር ላይ ገና ሳይከፈት ነው። የብሮከሩ ሰዓት ሲጨመርበት ደግሞ ይባሱኑ ይምታታል። “ለንደን ከተከፈተ 35 ደቂቃ በኋላ” ብላችሁ ጻፉ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ትርጉም ይኖረዋል።

አሁን ወደ ዋናዎቹ እንምጣ። ሴትአፕና ምክንያት አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ሴትአፕ ስም ነው። ከምትጠቀሙባቸው ሦስት ወይም አራት ዘዴዎች የትኛው እንደሆነ የሚናገር አጭር ስም፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ የሚጻፍ። በእኛ ምሳሌ “ሪቴስት” ነው፤ የተሰበረ ደረጃ ተመልሶ ሲነካ መግባት። ዛሬ “ሪቴስት”፣ ነገ “ብሬክ ሪቴስት”፣ ከነገ ወዲያ “የተመለሰ” ካላችሁት ሺቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ከቴሌግራም ግሩፕ የመጣ ከሆነ ደግሞ በግልጽ “ሲግናል” ብላችሁ ጻፉ። ሲግናሉን ከገባችሁ በኋላ ቻርት ላይ ምክንያት ፈልጋችሁ “ሪቴስት” ብትሉት፣ ያልሞከራችሁትን ዘዴ የሞከራችሁ ይመስላል። የዘዴያችሁ ውጤትም የሌላ ሰው ውጤት ይሆናል።

ምክንያት ግን ዓረፍተ ነገር ነው። “ይህን ሴትአፕ ዛሬ፣ እዚህ ቦታ ላይ ለምን መረጥኩ?” ለሚለው መልስ ነው። “ወርቅ የሚወጣ መሰለኝ” ምክንያት አይደለም፤ ማንም ሊፈትሸው አይችልም። እንዲህ ከሆነ ግን ይፈተሻል፦ “የትናንቱ ከፍታ 2,648 ነበር። የ15 ደቂቃ ሻማ ከላዩ 2,652 ላይ ተዘጋ። ተመልሶ 2,648.5 ነክቶ ሲነሳ 2,650 ላይ ገባሁ። ከ2,645 በታች ከወረደ ሰበራው የውሸት ነበር።” የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ትበልጥብኛለች። የት ላይ እንደተሳሳታችሁ አስቀድማ ትናገራለች፤ ስቶፑ ለምን እዚያ እንደተቀመጠም እሷው ናት የምታስረዳው። ያቺን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ትሬዱ ገና አልበሰለም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ መጻፍ ያለበት `Buy` የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት ነው። ትሬዱ ካለቀ በኋላ የተጻፈ ምክንያት ሁልጊዜ ውጤቱን ይመስላል። ከተበላችሁ “ቀድሞውንም ጠርጥሬ ነበር” ትላላችሁ፤ ካተረፋችሁ “በግልጽ ይታይ ነበር”። ውሸት አስባችሁ አይደለም፤ ትዝታ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው መላው ቀላል ነው፤ ስልኩ ላይ የ20 ሰከንድ ድምፅ ይቅዳ፣ ማታ ይገልብጠው።

የመውጫ ምክንያትም የራሱ ቦታ ይኑረው። በእኛ ምሳሌ የሚጻፈው “ትናንት ሁለት ጊዜ ስቶፕ መትቶኛል፤ ይቺም እንዳታመልጠኝ ፈርቼ ዘጋሁ” ነው። ይህን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስለ ወርቅ አንድም ቃል የለበትም። ሁሉም ስለ ትናንት ነው።

ስሜት የሚለው ቦታ ላይ ብዙ ሰው “ጥሩ” ወይም “መጥፎ” ብሎ ያልፋል። ከዚህ ምንም አይገኝም። ከስድስት የማይበልጡ ቃላት ምረጡና ሁልጊዜ ከእነሱ ውሰዱ፤ ለምሳሌ መረጋጋት፣ ፍርሃት፣ ጉጉት፣ መጣደፍ፣ መሰልቸት፣ እልህ። እልህ የሚለው ቃል ስላለን ደስ ይለኛል። ስቶፕ ከመታው በኋላ ወዲያው ሎት ጨምሮ የሚገባን ሰው በአንድ ቃል ይገልጸዋል። “አመለጠኝ” ብሎ ከረጅም አረንጓዴ ሻማ ጫፍ ላይ የሚገባው ደግሞ መጣደፍ ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ። የመጀመሪያው ከኪሳራ በኋላ ይመጣል፣ ሁለተኛው ትሬድ ሳይኖራችሁ ቁጭ ብላችሁ እያያችሁ።

ከቃሉ ጎን ከ1 እስከ 5 ቁጥር ስጡ። ሦስት ጊዜ ጻፉት፤ ከመግባት በፊት፣ ውስጥ እያላችሁ፣ ከወጣችሁ በኋላ። የእኛው ምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦ በፊት መረጋጋት 3፣ ውስጥ ፍርሃት 4፣ በኋላ መረጋጋት 2። ስሜታችሁን መለየት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የሚቆጠር ነገር መዝግቡ። ስልኩን ስንት ጊዜ ከፍታችሁ አያችሁት? የ15 ደቂቃ ቻርት ላይ ገብታችሁ ወደ 1 ደቂቃ ወርዳችኋል? ይህ ፍርሃትን ከቃል ይልቅ በትክክል ይናገራል።

ስክሪንሾት ምስክር ነው። ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ከመግባታችሁ በፊት፣ መግቢያው፣ ስቶፑና ኢላማው ቻርቱ ላይ ተሰምረው። ትሬዲንግቪው ላይ `Long Position` የሚለው መሣሪያ አረንጓዴና ቀይ ሳጥን አድርጎ ሦስቱንም ያሳያል። የ15 ደቂቃውንም የ1 ሰዓቱንም አንሱ፤ 15 ደቂቃው ላይ የሚያምር ሴትአፕ 1 ሰዓቱ ላይ ትልቅ ግድግዳ ሥር ተወትፎ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው ገበያው ካለቀ በኋላ ወይም በማግስቱ ነው፤ እናንተ ከወጣችሁ ወዲህ ምን እንደሆነ ያሳያል።

በብዛት የሚበላሸው የመጀመሪያው ነው። ሰው ትሬዱ ካለቀ በኋላ ቻርቱን ይከፍትና መስመሮቹን አስተካክሎ ያሰምራል። ያን ጊዜ ሁሉም ደረጃ በትክክል የተነካ ይመስላል። እንዴት ይታወቃል? ስክሪንሾቱ ላይ ከመግቢያው በስተቀኝ ሻማዎች ካሉ፣ ከገባችሁ በኋላ የተነሳ ነው። የፋይሉንም ስም ከሺቱ ረድፍ ጋር አንድ አድርጉት፤ `2025-07-15_XAUUSD_BUY_01` ዓይነት። ጋለሪ ውስጥ ከሠርግ ፎቶ ጋር የተቀላቀለ ስክሪንሾት ማንም ተመልሶ አያየውም።

አንድ ቦታ ጨምሩበት፤ “ዕቅዱ ቢጠበቅ”። ከመጀመሪያው ስቶፕና ኢላማ ሳትነቃነቁ ብትቀመጡ ውጤቱ ስንት R ይሆን ነበር? በምሳሌያችን ዋጋው ከሰዓት በኋላ፣ 2,645ን ሳይነካ፣ 2,660 ደረሰ እንበል። እውነተኛው +0.6፣ ዕቅዱ ቢጠበቅ +2። ልዩነቱ የፍርሃት ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘግታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ዋጋው ተመልሶ ስቶፑን የመታበትንም ቀን -1 ብላችሁ ጻፉ። ሰው የሚቆጨውን ብቻ ይመዘግብና ፍርሃቱ ያዳነውን ይረሳል። ያኔ ይህ ቦታ ራሱ ያሳስታችኋል።

0.6R ላይ መዝጋት ልማድ ከሆነ ሂሳቡ ከባድ ነው። አሥር ትሬድ ገብታችሁ ስድስቱን ብታሸንፉ 3.6R ታገኛላችሁ፤ አራቱ 4R ይወስዳሉ። ስድስት አሸንፋችሁ እንኳ ኪሳራ ላይ ናችሁ። 2R ድረስ የምትጠብቁ ከሆነ ግን አራቱን ብቻ አሸንፋችሁ 8R ታገኛላችሁ፣ ስድስቱ 6R ይወስዳሉ፤ 2R ይተርፋል። ስፕሬድና ኮሚሽን ሳይቆጠር ነው። እርግጥ 2R የሚደርሱት ትሬዶች 0.6R ከሚደርሱት ያንሳሉ፤ በስንት እንደሚያንሱ የሚነግራችሁ “ዕቅዱ ቢጠበቅ” የሚለው ቦታ ነው።

ሠላሳ ያህል ትሬድ ሲሞላ፣ ከመግባት በፊት የነበረው ስሜት ቃሉ ብቻ፣ ያለ ቁጥሩ፣ C ላይ፣ R ደግሞ H ላይ ከሆነ በዚህ ታዩታላችሁ፦

```
=AVERAGEIF(C:C,"እልህ",H:H)
```

እልህ ያለባቸው በአማካይ ስንት R እንዳመጡ ይሰጣችኋል። ቃሉን በ“ሪቴስት” ቀይሩና ከ C ይልቅ የሴትአፑን ቦታ ስጡት፤ የዘዴያችሁን ያወጣል። እልህ ስድስት ጊዜ ብቻ ተጽፎ ከሆነ ግን ቁጥሩን አትመኑት፤ ከስድስቱ አንድ ትልቅ ትርፍ ሁሉንም ሊገለብጠው ይችላል። በዚያን ጊዜ አማካዩን ተዉና ስድስቱን ስክሪንሾቶች ጎን ለጎን ክፈቷቸው። መግቢያቸውን ተመልከቱ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ትሬድ ሰዓት ተመልከቱ። በመካከላቸው አምስት ደቂቃ እንኳ የሌለባቸውን ቁጠሩ።