ገና ሳልነካው «ጥቅም ላይ ውሏል» የሚለኝ የፓስወርድ ሊንክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ፓስወርዴን ረሳሁና መቀየሪያ ሊንክ አስላክሁ። ገና ስነካው "ጊዜው አልፎበታል ወይም ከዚህ በፊት ጥቅም ላይ ውሏል" አለኝ። አራቴ ሞከርኩ፣ አራቴም ያው ነው።»

ይህን ያሉኝ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለ የቡና ድርጅት ቅርንጫፍ የሚሠሩ የሂሳብ ባለሙያ ናቸው። የክፍያ ሰነድ የሚያስገቡበት ድረ ገጽ ዘግቷቸው፣ ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። እኔ የቢሮዎችን ኢሜይልና ኮምፒውተር እየዞርኩ ነው የማስተካክለው። ይህን ችግር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼዋለሁ።

ሊንኩን ከእሳቸው ቀድሞ የከፈተው ማሽን ነው። የድርጅቱ ኢሜይል የሚመጣው በጥበቃ ስካነር በኩል ነው። ስካነሩ መልእክቱ ኢንቦክስ ሳይገባ በፊት ውስጡ ያለውን ሊንክ ይከፍታል። ወደ አጭበርባሪ ገጽ የሚወስድ እንዳይሆን ያጣራል። ድረ ገጹ ደግሞ ሊንኩ ለአንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ አድርጎ ነው የሚልከው፤ የከፈተው ሰው ይሁን ማሽን አይለይም። ያቺ አንድ ዕድል በስካነሩ አለቀች ማለት ነው።

ነገሩ ይኸው ነው። ግን በዙሪያው ብዙ የተሳሳተ ግምት አለ፤ አንዳንዱም ችግሩን ያባብሰዋል።

«ልጄ፣ እኔ አንዴ ነው የነካሁት። ሌላ ሰው ኢሜይሌ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው»

ድንጋጤያቸው ገባኝ። የገንዘብ ሰነድ የያዘ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለዚህ በግምት ከማጽናናት ማስረጃ ማየት ይሻላል አልኩ።

ድረ ገጹን ለሚያስተዳድረው ልጅ ደወልንና ሎጉን፣ ማለትም ገጹን ማን መቼ እንደከፈተው የሚመዘግበውን ፋይል፣ ከፍቶ እንዲጠብቀን ለመንነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ12 ላይ አዲስ ሊንክ አስላክን። ከዚያ እሳቸውን «ኢሜይሉን እንዳይከፍቱት፣ ለአምስት ደቂቃ እጅዎን ከኮምፒውተሩ ያንሱ» አልኳቸው። ቡናቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ፣ 4 ከ17 ላይ ሊንኩን ነኩ። ያው መልስ መጣ። ሎጉ ላይ የታየው ግን ይህ ነበር፤ አድራሻዎቹን ቀይሬያቸዋለሁ።

```
07:12:04  POST /forgot         203.0.113.7    200
07:12:09  GET  /reset?token=…  198.51.100.24  200
07:17:31  GET  /reset?token=…  203.0.113.7    410
```

POST መረጃ መላክ፣ GET ገጽ መክፈት ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው 200 ተሳክቷል፣ 410 ደግሞ ሊንኩ አልቋል ማለት ነው። የመጀመሪያው መስመር የእሳቸው ጥያቄ ነው። ሦስተኛውም የእሳቸው ነው፤ አድራሻው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። መካከል ላይ ያለው ግን ከሌላ አድራሻ የመጣ ነው። የመጣውም ጥያቄው በተላከ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ነው። በአምስት ሰከንድ ኢሜይል ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ ሊንክ የሚነካ ሰው የለም። ያንን አድራሻ ስንፈልገው የአንድ የዳታ ማዕከል ሆኖ አገኘነው።

ጠላፊ ቢሆን ሎጉ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ጠላፊ ሊንኩን ከፍቶ አይሄድም፤ አዲስ ፓስወርድ ያስገባል። ያኔ ከ GET ቀጥሎ ፓስወርድ የሚያስቀምጥ POST ይታያል። «ፓስወርድዎ ተቀይሯል» የሚል ማሳወቂያም ሊደርስዎ ይችላል። እንዲህ ያለ ማሳወቂያ ከደረሰዎ የስካነር ጉዳይ ነው ብለው አይለፉት፤ ወዲያው ለድረ ገጹ ባለቤት ይደውሉ። እሳቸው ጋ ሁለቱም አልነበሩም።

«ሎጉ 07:12 ይላል፤ እኛ የጠየቅነው 4:12 ላይ ነው። ሰዓቱ ስለተዛባ ነው የሚያልፍበት»

አልተዛባም። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። እኛ በሦስት ሰዓት እንቀድመዋለን፣ ስለዚህ 07:12 ለእኛ 10:12 ነው። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከጠዋቱ 4 ከ12። የሊንኩን ዕድሜ የሚለካው ሰርቨሩ በራሱ ሰዓት ስለሆነ የእርስዎ ስልክ በየትኛው አቆጣጠር ቢሆን ለውጥ የለውም።

«ኔትወርኩ ቀርፋፋ ስለሆነ ኢሜይሉ ሲደርሰኝ ጊዜው አልፎ ነው»

ይህ አንዳንዴ እውነት ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ኔት ተቋርጦ፣ ኢሜይሉን ከሁለት ሰዓት በኋላ የከፈተ ሰው የአንድ ሰዓት ሊንክ ሞቶ ያገኘዋል። ላራቬል በሚባለው የታወቀ የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ካልተቀየረ በስተቀር፣ የሊንኩ ዕድሜ 60 ደቂቃ ነው። ጃንጎ ላይ 3 ቀን ነው።

ግን ሊንኩ ከተላከ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ጊዜው አልፎበታል» ካለ፣ ጊዜን አይጠርጥሩ። ብዙ ድረ ገጽ ጊዜው ላለቀበት ሊንክም፣ ለተጠቀሙበትም፣ በአዲስ ለተተካም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው የሚያሳየው። ቃሉን ትተው ሦስት ሰዓት ይጻፉ፦ ያስላኩበትን፣ ኢሜይሉ የደረሰበትን፣ የነኩበትን። እነዚህን ይዞ የደወለ ሰው ችግሩ ቶሎ ይገኝለታል።

«ደጋግሜ ካስላክሁ አንዱ መሥራቱ አይቀርም»

አብዛኛው ድረ ገጽ አዲስ ሊንክ ሲልክ አሮጌውን ይሰርዛል። አራት ኢሜይል ኢንቦክስ ውስጥ ተደርድሮ ከላይ ያለውን ትተው ሦስተኛውን ከነኩ፣ ስካነር ባይኖርም አይሠራም። ስካነር ካለ ደግሞ አራቱንም ከፍቷቸዋል። ከዚያም ላይ ድረ ገጹ «ብዙ ጊዜ ጠይቀዋል» ብሎ ለጊዜው ሊያግድዎ ይችላል።

ቶሎ መንካትም፣ ሊንኩን ኮፒ አድርጎ ሌላ ብራውዘር ላይ መለጠፍም እንዲሁ ነው። ስካነሩ ኢሜይሉ እርስዎ ጋ ሳይደርስ ሥራውን ጨርሷል።

«ሊንኩን በቴሌግራም ልላክልህና አንተ ክፈትልኝ»

ይህን በሳምንት አንዴ እሰማለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። አንደኛ፣ ያ ሊንክ ቁልፍ ነው። የያዘው ሰው የእናንተን ፓስወርድ መቀየር ይችላል። ሁለተኛ፣ ቴሌግራምን የመሰሉ የመልእክት አፖች ሊንክ ሲላክ ከሥሩ ርዕስና ሥዕል ለማሳየት ገጹን ራሳቸው ከፍተው ያያሉ። ከስካነሩ የተረፈች ሊንክ እንኳ ብትኖር እዚያ ታልቃለች።

«እንግዲያው ስካነሩን አጥፉልን»

አይሆንም። ያ ስካነር በየቀኑ የባንክ መልእክት የሚመስል የማጭበርበሪያ ሊንክ እየያዘ የሚያስቀር ነው። የክፍያ ሥራ የሚሠራ ቢሮ ላይ እሱን ማጥፋት ትልቅ ስሕተት ነው።

የድርጅቱ አይቲ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ጠባብ ነገር አለ፦ የዚያን ድረ ገጽ አድራሻ ብቻ ለይቶ ከምርመራ ማስወጣት። ግን አንዳንዱ የጥበቃ ሥርዓት ላይ ያለው ማስተካከያ ሊንኩ እንዳይለወጥ ብቻ የሚያደርግ ነው፤ መክፈቱን አያስቆመውም። ስለዚህ ማስተካከያው ከተደረገ በኋላ ያንን የአምስት ደቂቃ ሙከራ መድገም ያስፈልጋል። ሎጉ ላይ የመካከሉ መስመር ካለ አልተፈታም።

ስካነር መኖሩን ከኢሜይሉም መገመት ይቻላል። ማውሱን ሳይጫኑ ሊንኩ ላይ ቢያሳርፉት አድራሻው በድረ ገጹ ስም ፋንታ `safelinks.protection.outlook.com` ወይም `urldefense.com` የሚል ካለበት መካከል ላይ ጠባቂ አለ። እንዲህ ካልታየ ግን የለም ማለት አይደለም። ሊንኩን ሳይለውጡ የሚከፍቱም አሉ።

«እኛ ድረ ገጹን የሠራነው ልጆች ምን ጥፋት አለን? ስካነሩን በስሙ ለይተን እናግደዋለን»

የጅማውን ልጅ አከብረዋለሁ፤ ሎጉን ከፍቶ አብሮን ቆሟል። ግን መፍትሔው ያለው እሱ እጅ ላይ ነበር። ብዙ ስካነር ራሱን እንደ ተራ ክሮም ብራውዘር ነው የሚያስተዋውቀው። አጭበርባሪዎች ለስካነር ሌላ ገጽ እንዳያሳዩት ሆን ብሎ ነው የሚደበቀው። አድራሻውም ይቀያየራል። በስም ማገድ አያዛልቅም። የሊንኩን ዕድሜ ማርዘምም አይረዳም፤ ሊንኩ የሞተው ስለተከፈተ እንጂ በጊዜ አይደለም።

የኤችቲቲፒ ደንብ ከድሮም GET ለማየት ነው፣ ምንም መለወጥ የለበትም ይላል። ሊንክ መክፈት GET ነው። ሊንኩ ገና ሲከፈት ቶክኑን፣ ማለትም ሊንኩ ውስጥ ያለውን የምስጢር ኮድ፣ የሚሰርዝ ገጽ ይህን ደንብ ጥሷል። መሆን የነበረበት እንዲህ ነው፦

```
GET  /reset   ቅጹን ብቻ አሳይ፣ ቶክኑን አትንካ
POST /reset   ቶክኑን አረጋግጥ፣ ፓስወርዱን ቀይር፣ ቶክኑን ሰርዝ
```

ሊንኩ መቶ ጊዜ ቢከፈት ምንም አይሆንም። የሚሞተው አዲስ ፓስወርድ ተጽፎ ሲቀመጥ ነው። ጃንጎና ላራቬል አብረዋቸው የሚመጡት የፓስወርድ መቀየሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። እኔ የገጠመኝ ችግር በብዛት በእጅ በተጻፈ መቀየሪያ ላይ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ገጹ ሲከፈት ጃቫስክሪፕቱ ራሱ POST እንዲልክ ያደርጋል። አንዳንድ ስካነሮች ግን ጃቫስክሪፕትም ያስኬዳሉ፣ ስለዚህ ያው ነው። «ቀጥል» የሚል ቁልፍ ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል፣ ግን ቁልፍ የሚጫን ስካነርም ሊያጋጥም ይችላል። አዲስ ፓስወርድ አስቦ ሁለቴ የሚጽፍ ስካነር ግን አላየሁም። ሌላው መንገድ በሊንክ ፋንታ ስድስት አሃዝ ኮድ መላክ ነው። ኮዱ ሰውየው ራሱ ገጹ ላይ የሚጽፈው ስለሆነ ስካነሩ የሚከፍተው ነገር አያገኝም። ያኔ ግን ኮዱ ቶሎ እንዲያልቅና የሙከራ ብዛት እንዲገደብ ማድረግ ግድ ነው፤ ስድስት አሃዝ በግምት ሊገኝ ይችላል።

ልጁ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስረዛውን ከ GET አውጥቶ ወደ POST አዛወረው። 10 ሰዓት ሲሆን እንደገና ሞከርን፤ አሁንም አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ሎጉ ላይ ያ የሌላ አድራሻ GET በሰባት ሰከንድ መጣ። ከዚያ የእሳቸው GET፣ በዚህ ጊዜ 200 ሆኖ። ከዚያ POST። እሳቸውም ሰነዳቸውን ማስገባት ጀመሩ።