«ባለ ብዙ ቀለም» ምንም አያሳይም፦ የሐረርን ቤት በቀለም ለሚገልጹ

«የሐረሪ ቤት ውስጡ ደማቅና ባለ ብዙ ቀለም ነው ብል አንባቢ ይረዳኛል።»

ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ለሠርግ ድንኳን፣ ለጨርቅ ሱቅ ወይም ለጥምቀት ሰልፍ ብናውለው አንዲት ፊደል ሳትቀየር ይስማማል። ለሁሉም የሚስማማ መግለጫ ደግሞ አንዱንም አላሳየም። አንባቢው ያየው ነገር ቢኖር ጸሐፊው መደነቁን ብቻ ነው።

በጀጎል ግንብ ውስጥ ካሉት ነባር ቤቶች የአንዱን ዋና ክፍል፣ ጊዲር ጋር የሚባለውን፣ ቀረብ ብለን እንመልከት። ወለሉና ደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ ብለው የተሠሩት መቀመጫዎች፣ ማለትም ነደባዎቹ፣ በባህሉ በቀይ አፈር ይለቀለቃሉ፤ ዛሬ የፋብሪካ ቀለም የሚቀቡም አሉ። ይህ ቀይ የባንዲራችን ቀይ አይደለም። ጠቆር ያለ ነው፤ በጥቂቱ ወደ ብርቱካናማ ያደላል፤ ስለማያብረቀርቅ ከብዶና ረግቶ ይታያል። ከነደባዎቹ በላይ ያለው ግድግዳ ነጭ ነው። በነጩ ላይ ስፌቶች ተሰቅለዋል፣ አበባ የተሳለባቸው የብረት ትሪዎች ተደርድረዋል። በቀለም ተነክሮ የተሰፋው ሣር ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ሲሆን ያልተነከረው ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ በመካከላቸው ይታያል።

አሁን እውነታው ይገለጣል። ክፍሉን የሞሉት ሁለት ቀለሞች ብቻ ናቸው፤ ጠቆር ያለው የአፈር ቀይና ነጭ። ብዙ የምንለው ቀለም ያለው በትንንሾቹ ዕቃዎች ላይ ነው። የቤቱ ውበትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ሁለቱ ሰፋፊ ቀለሞች ጸጥ ብለው ቦታውን ሲይዙ ትንንሾቹ ብቅ ብቅ ይላሉ። «ባለ ብዙ ቀለም» የሚለው ሐረግ ይህን አለመናገሩ ብቻ ሳይሆን ተቃራኒውን ያስነብባል፤ ያልገባ ሰው ከወለል እስከ ጣሪያ የተዥጎረጎረ ክፍል ያስባል።

«ደማቅ ካልኩ የቀለሙን ጉልበት ተናግሬያለሁ።»

ደማቅ የሚለው ቃል የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። አሜሪካዊው ሠዓሊና መምህር አልበርት መንሰል እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ሥራ ማንኛውንም ቀለም በሦስት መለኪያዎች ለያይቶ አስቀምጧል። የመጀመሪያው ዓይነቱ ነው፤ ቀይ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ሰማያዊ ነው ወይስ በመካከላቸው ያለ? ሁለተኛው ንጣቱ ነው፤ ከጥቁር ዜሮ ተነስቶ እስከ ነጭ 10 ድረስ በየትኛው ደረጃ ላይ ይገኛል? ሦስተኛው ጥራቱ ነው፤ ጥራት ስል ቀለሙ ከግራጫ ምን ያህል እንደራቀ ማለቴ ነው። ግራጫ ራሱ ዜሮ ላይ ይቀመጥና ቀለሙ እየጠራ በሄደ ቁጥር ደረጃው ይጨምራል።

በሐረር ጠባብ መንገዶች ላይ ይህን መለየት ቀላል ነው። ውሃ ሰማያዊ ኖራ የተቀባውን የግቢ ግንብ እንውሰድ፤ ንጣቱ ከፍተኛ፣ ጥራቱ ግን ዝቅተኛ ነው። በዚያው ግንብ ላይ በዘይት ቀለም የተቀባ ሰማያዊ የብረት በር ቢኖር ዓይነቱ ከግንቡ ጋር አንድ ሊሆን ይችላል፤ ንጣቱ ግን መካከለኛ፣ ጥራቱ ከፍተኛ ነው። የጊዲር ጋሩ ወለል ደግሞ ንጣቱ ዝቅተኛ፣ ጥራቱ መካከለኛ ነው። ሦስቱንም «ደማቅ» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ግንቡ በከተማው ፀሐይ ስለሚያበራ፣ በሩ ጥራት ስላለው፣ ወለሉ ደግሞ ቀይ ስለሆነ ነው። ሦስት ምክንያት በአንድ ቃል ስር ሲደበቅ አንባቢው የትኛውን እንደሚይዝ አያውቅም።

የኖራው መፍዘዝም ምክንያት አለው። ኖራ ራሱ ነጭ ስለሆነ የተቀላቀለበትን ቀለም ሁሉ ያነጣዋል። እርጥብ ሳለ ጠቆር ብሎ የታየው ቅብ ሲደርቅ በጣም ይነጣል፤ ባለሙያ ቀለም ሲቀላቅል ጥቂት ቀብቶ እስኪደርቅ የሚጠብቀውም ለዚህ ነው። ደግሞ ኖራ ሁሉንም ቀለም አይቀበልም። የአፈር ቀይ ከብረት ዝገት ጋር ከሚመሳሰል ማዕድን ስለሚገኝ ኖራን ይቋቋማል፤ የፕሩሽያ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም ግን በኖራ ይበላሻል። ስለዚህ አንድ የኖራ ግንብ «ጥልቅ፣ ደማቅ ሰማያዊ» ተብሎ ተጽፎ ሳነብ ጸሐፊው ግንቡን ደህና አድርጎ ማየቱን እጠራጠራለሁ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ቋንቋ በእጃችን አለ። ዓይነቱን «ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ»፣ ንጣቱን «ነጣ ያለ» ወይም «ጠቆር ያለ»፣ ጥራቱን «የጠራ» ወይም «ደብዘዝ ያለ» ብለን መግለጽ እንችላለን። ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ካገኙ «ደማቅ» የሚለውን ቃል ማውጣት ዓረፍተ ነገሩን አይጎዳውም።

«የቀለሞቹን ስም አንድ በአንድ ከዘረዘርኩ መግለጫው ሙሉ ነው።»

ዝርዝር እንደ ገበያ ማስታወሻ ሁሉንም እኩል ያደርጋል። «ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ቢጫ» የሚል ጽሑፍ የክፍሉን ወለል የሸፈነውን ቀይና በስፌት ጠርዝ ላይ ያለችውን አረንጓዴ መስመር በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። የቀለም ስብስብ ግን መጠንና ጉርብትና ነው፤ ማን ምን ያህል ቦታ ያዘ፣ ከማን ጎን ተቀመጠ?

ጉርብትና ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል በፓሪስ የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ጥቁረት ይጎድለዋል የሚል ቅሬታ ቀረበለት። ክሩን ሲመረምር ማቅለሚያው ችግር የለበትም፤ ጥቁሩን ያደከሙት በጨርቁ ላይ አጠገቡ የተቀመጡት ቀለሞች ነበሩ። ከዚህ ተነስቶ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች እርስ በርሳቸው መልካቸውን እንደሚለዋውጡ የሚያስረዳ ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ።

በሐረሪ ስፌት ላይም ይኸው ይሠራል። አንድ ዓይነት ቀይ ከጥቁር አጠገብ ሲሰፋ ነጣ ብሎ ይወጣል፤ ባልተነከረው ፈዛዛ ሣር መካከል ሲሰፋ ደግሞ ጠቆር ይላል። ሰፊዋ ቀለሙን አልቀየረችም፤ ጎረቤቱ ነው የተቀየረው። በክፍሉ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ቀዩን ወለል መትቶ ወደ ግድግዳው ስለሚመለስ የነጩ የታችኛው ክፍል ቀላ ይላል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ይጠራል። «ነጭ ግድግዳ» ብሎ ያለፈ ሰው ይህን አላየም።

እንግዲህ መግለጫውን እንዲህ እናስተካክለው። መጀመሪያ የነበረው «የሐረሪ ቤት ውስጡ ደማቅና ባለ ብዙ ቀለም ነው» የሚል ነበር። እኔ ብጽፈው እንዲህ እላለሁ፦

«የክፍሉ የታችኛው ክፍል በሙሉ፣ ወለሉም ነደባዎቹም፣ ጠቆር ያለና ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ የአፈር ቀይ ነው። ከዚያ በላይ ነጭ ግድግዳ ይነሳል፤ ከቀዩ አጠገብ ቀላ ብሎ ይጀምርና ወደ ጣሪያው ይጠራል። የጠራ ቀለም ያለው በትንንሾቹ ዕቃዎች ላይ ብቻ ነው፤ በተሰቀሉት ስፌቶች ላይ ቀይና አረንጓዴ ከጥቁር ጋር፣ በፈዛዛ ቢጫ ሣር ተለያይተው።»

ቃሉ በዝቷል፤ አልክድም። ነገር ግን ይህን ያነበበ ሠዓሊ ብሩሽ አንስቶ መጀመር ይችላል፤ በፊተኛው ግን አይችልም። ቅደም ተከተሉንም ልብ ይሏል፤ ሰፊው ቦታ ቀደመ፣ ትንሹና የጠራው ቀለም መጨረሻ ላይ መጣ። ከጠራው ቀለም ብንጀምር አንባቢው ክፍሉን በሙሉ በእርሱ ይቀባዋል።

«ከታወቀ ነገር ጋር ማመሳሰል ሁልጊዜ ግልጽ ያደርጋል።»

የተመሳሰለበት ነገር አንድ ቀለም ብቻ ያለው ከሆነ አዎ። «የቡና ቀለም» በሐረር አካባቢ ብዙ ነገር ነው። የበሰለው ፍሬ ቀይ ነው፤ ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ወደ ጥቁር የሚጠጋ ቡናማ ይሆናል፤ ተፈልፍሎ የወጣው ጥሬ ቡና ቢጫማ አረንጓዴ ነው፤ ቡናማ የሚሆነው ሲቆላ ነው። «የጥሬ ቡና ቀለም» ወይም «ለዘብ ብሎ የተቆላ ቡና ቀለም» ብንል ግን ከብዙ ቅጽል የተሻለ ነው።

«በኮምፒውተር የሚነበበውን የቀለም ቁጥር ከሰጠሁ ቃል አያስፈልገኝም።»

ቁጥሩ ጠቃሚ ነው፤ በተለይ ለኅትመትና ለድረ ገጽ ሥራ። ለምሳሌ ለአፈሩ ቀይ መነሻ የሚሆን አንድ ቀለም እንውሰድ፤ ከጎኑ ድፍን የስክሪን ቀይ እናስቀምጥ፦

```
#8E3B2A   hsl(10, 54%, 36%)
#FF0000   hsl(0, 100%, 50%)
```

ከቅንፉ ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር ዓይነቱን፣ ሁለተኛው ጥራቱን፣ ሦስተኛው ንጣቱን ያመለክታል። የአፈሩ ቀይ በ10 ዲግሪ ወደ ብርቱካናማ ማድላቱ፣ ጥራቱ በግማሽ ያህል መቀነሱና መጥቆሩ በግልጽ ይነበባል። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ከዓይናችን ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። ድፍን ቢጫ `#FFFF00` እና ድፍን ሰማያዊ `#0000FF` በዚህ ስሌት ሁለቱም ንጣታቸው 50% ነው፤ ማንም ሰው ግን ቢጫው በጣም የነጣ፣ ሰማያዊው የጠቆረ መሆኑን ያያል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ዓይነት ቀለሞችን በንጣት ስናወዳድር ከቁጥሩ ይልቅ ዓይናችንን ማመን ይገባል።

ከፎቶግራፍ ላይ የተወሰደ ቁጥር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀይ በሞላበት ክፍል ውስጥ ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ለማስተካከል ሲሞክር ቀዩን ሊያደበዝዘው፣ ነጩንም ወደ ሰማያዊ ሊገፋው ይችላል። በቢጫማ አምፖል ስር ደግሞ ያው ግድግዳ ክሬም ይመስላል። ቁጥሩን ስንጽፍ «ረፋድ ላይ፣ ከበሩ በሚገባ ብርሃን» የሚል ቃል ካልተጨመረበት ቁጥሩ የግድግዳው ይሁን የአምፖሉ አይታወቅም።

መግለጫው መሥራቱን ለማወቅ ቤቱን ላላየ ሰው ጽሑፉን ብቻ ማንበብና ከቀለም ሻጭ የናሙና ካርድ ላይ እንዲመርጥ መጠየቅ ይቻላል። ሁለት ሰዎች ለአንዱ ሐረግ ተቀራራቢ ናሙና ካነሱ ሐረጉ ይቆይ። አንዱ የነጣ፣ ሌላው የጠቆረ ካነሳ ንጣቱ አልተነገረም፤ አንዱ የጠራ፣ ሌላው የደበዘዘ ካነሳ ጥራቱ ተረስቷል፤ መስተካከል ያለበትም ያ ቦታ ብቻ ነው።