«የማውቀው እህል ብቻ ነው»፦ ከእህል መጋዘን ወደ ፋብሪካ ሲዞሩ

«የማውቀው እህል ብቻ ነው። ዘይት ፋብሪካ ገብቼ ምን ልሠራ?»

ይህን ያለችኝ የሰፈሬ ልጅ ናት። ፍኖተ ሰላም አካባቢ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ስድስት ዓመት መጋዘን ይዛለች። ቡሬ ላይ የንብረት ክፍል ሠራተኛ የሚፈልግ ፋብሪካ ማስታወቂያ አይታ፣ ሲቪዋን ይዛ ቤት መጣች። ስለ ሥራዋ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «መጋዘን ጠባቂ፣ በቆሎ።» የማያውቃት ሰው ሲያነበው ዘበኛ ነበረች ብሎ ያልፋታል።

ሲቪውን ወደ ጎን አድርገን፣ አንድ የታኅሣሥ ቀኗን ከጠዋት እስከ ማታ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ገበሬው ጆንያውን ሲያወርድ እየወጋች ናሙና ታወጣለች። እርጥበቱን ትለካለች፤ ከ14 በመቶ በላይ ከሆነ ይሻግታልና አትረከብም። ትመዝናለች፣ ገቢ ትቆርጣለች፣ ቢን ካርድ ላይ ትመዘግባለች። ጆንያውን ከግድግዳ አርቃ ርብራብ ላይ ታስደረድራለች። ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ትከታተላለች። በየወሩ ትቆጥራለች።

ከዚያ እያንዳንዱን ሥራ በአንድ ጥያቄ ፈተንነው፦ በቆሎውን አውጥተን የዘይት ጀሪካን ብንተካ ይህ ሥራ ይቀራል? መርምሮ መረከብ አይቀርም። ካርድ መያዝ፣ በተራ ማውጣት፣ መቁጠርም አይቀርም። ነቀዝ ማወቅ ለጀሪካን አይረባም። እርጥበት መለካትንም ልትሰርዘው ነበር። ግን ማስታወቂያው ፋብሪካው አኩሪ አተርና ኑግ እንደሚገዛ ይናገራል፤ ስለዚህ እሱም አልተሰረዘም። ዘርፉን ከስሙ ብቻ ከገመትን እንዲህ ያለው ያመልጠናል።

ትልቁን ነገር ግን እሷ እንደ ሥራም አልቆጠረችውም። አንድ ጊዜ ካስገባችው 500 ኩንታል፣ በመጋቢት ቆጠራ 11 ኩንታል ያህል ጎደለባት። «ተሰርቋል» ተባለ። ግን ሲገባ 14 በመቶ እርጥበት የነበረው በቆሎ ወደ 12 በመቶ ደርቋል። 100 ኪሎ በቆሎ ሲገባ 14 ኪሎው ውኃ፣ 86 ኪሎው ደረቅ እህል ነው። ያው 86 ኪሎ፣ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ፣ በጠቅላላው 97.7 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል። ከየኩንታሉ 2.3 ኪሎ ያህል ሄደ ማለት ነው። በ500 ሲባዛ የጎደለው 11 ኩንታል ያህል ይመጣል። ይህን ጽፋ አቀረበች፣ ጥያቄውም ተዘጋ። የቆጠራ ልዩነትን ምክንያት አጣርቶ በማስረጃ ማስረዳት ማለት ይህ ነው። ዘይት ይሁን ሲሚንቶ፣ ንብረት ያለበት ቤት ሁሉ ይህን የሚችል ሰው ይፈልጋል።

«ታማኝ፣ ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል ብዬ ከጻፍኩ አይበቃም?»

አይበቃም። አመልካቹ ሁሉ ስለሚጽፈው ዓይን አያርፍበትም። እነዚህን ሦስት ቃላት አጥፍተን ይህን ተካንበት፦

«በምርት ወቅት በቀን እስከ 200 ኩንታል ናሙና ወስጄ፣ እርጥበት ለክቼና መዝኜ ተረክቤያለሁ። በየወሩ ቆጠራ አድርጌ፣ ልዩነት ሲገኝ ምክንያቱን በስሌት አስደግፌ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።»

ታማኝነቷ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይነበባል። ቁጥሩ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ላይ «እንዴት?» ሲባል የምትመልሰው መሆን አለበት። የማታስረዳውን ቁጥር አትጻፍ።

«ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ብዬ ብጽፍ ማን ይጠፋዋል?»

የለመዱትን ወረቀት ስም ሁሉም ቤት የሚጠራው ይመስላል። ብዙ የግል ድርጅቶች ዘንድ ግን ገቢው «ጂአርኤን»፣ ወጪው «ኤስአይቪ» ነው። ማስታወቂያቸው ላይ የተጠቀሙበትን ቃል አስምሩበትና የእናንተን ከጎኑ አስቀምጡ፦ «የዕቃ ገቢ (ሞዴል 19) እና ወጪ (ሞዴል 22) ሰነድ አዘጋጅቻለሁ።» ፋብሪካው በኮምፒውተር ሲስተም የሚሠራ ከሆነ፣ ያልነካችሁትን አውቃለሁ አትበሉ። የሰፈሬ ልጅ «በቢን ካርድ ሠርቻለሁ፣ የቆጠራ ሪፖርቴን በኤክሴል አዘጋጃለሁ» ብላ ጻፈች። እውነቱ ያ ነው።

«ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሁሉም ልምድ ይያዝልኛል።»

ሁልጊዜ አይያዝም። የጤና ጣቢያ መድኃኒት መጋዘን የመቁጠር ሥራው ቢመሳሰልም፣ መድኃኒቱን ለመያዝ የፋርማሲ ሙያና ፈቃድ ያስፈልጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ «ቀጥታ አግባብነት ያለው ልምድ» ይጠይቃል። ይህን የሚወስነው ሲቪው ሳይሆን የሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው።

የእሷ ደብዳቤ ላይ የነበረው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመጋዘን ሠርታለች» የሚል ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጠው ያዛል። ስለዚህ ርክክብ፣ ምዝገባና ቆጠራ እየተባለ ተግባሯ ተዘርዝሮ እንዲጻፍላት በማመልከቻ ጠየቀች፤ ዝርዝሩንም ራሷ አርቅቃ አያያዘች። ኃላፊዋ አንድ መስመር ብቻ አስተካክሎ ፈረመበት።