የኦቲዝም ምርመራ ሪፖርት፦ የአንድ የሐዋሳ ተማሪ ምሳሌ

ኦቲዝም በደም ምርመራም ሆነ በጭንቅላት ምስል አይታወቅም። ስለዚህ ሪፖርቱ የሚቆመው ወላጅ በሚናገረው የዕድገት ታሪክ፣ ባለሙያው በዓይኑ ባየውና ትምህርት ቤቱ በሚለው ላይ ነው። ታዲያ እነዚህ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። የሪፖርቱ ጥራት የሚለየው አለመግባባታቸውን ሲያስረዳ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሐዋሳ የሚኖር የ8 ዓመት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ቤት ሲዳሙ አፎ፣ ሰፈር አማርኛ ይናገራል። መምህርቱ «የሰው ዓይን አያይም፣ ሁሌም ብቻውን ነው» ትላለች። መጀመሪያ ጆሮው ይመረመራል፤ በደንብ የማይሰማ ልጅም እንዲህ ሊመስል ይችላል።

እናቱ የመጀመሪያ ቃሉን የተናገረበትን ወር አታስታውስም። ያኔ በበዓል ማስላት ያዋጣል። በጥምቀት በእግሩ ይሄድ ነበር? ለፍቼ ጨምበላላ ዘመድ ሲሰበሰብ ያስገረመውን ነገር በጣቱ ያሳያችሁ ነበር? በዚህ መንገድ ሁለት ዓመት ሲሞላው እንኳ በጣቱ እንደማያሳይ ይወጣል። ውሃ ሲያምረው የእናቱን እጅ ጎትቶ ጆጉ ላይ ያስቀምጥ ነበር። «ሁለት ቋንቋ አምታቶት ነው» የሚሉ አይጠፉም። ሁለት ቋንቋ መስማት ግን ኦቲዝም አያመጣም። ቃላቱ ሲቆጠሩም የሁለቱም ቋንቋ ተደምሮ ነው።

ጸጥ ባለው የምርመራ ክፍል ልጁ ደህና ያወራል፣ በተለይ ስለ ባጃጅ ሞተር። ባለሙያው ሆን ብሎ «ትናንት ሐይቁ ዳር አንድ ነገር አጋጠመኝ» ይልና ዝም ይላል። ሌላ ልጅ «ምን?» ይል ነበር። እሱ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ዓይን አለማየቱን ግን ለብቻው መመዝገብ ያሳስታል፤ እኛ ጋ ልጅ ትልቅ ሰው ላይ ዓይኑን አለመትከሉ ጨዋነት ነው። የሚጠቅመው ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን እይታን ከንግግርና ከእጅ ምልክት ጋር ያጣምራል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ እረፍት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ቆሞ ማየት ይሻላል። እዚያ ደወል ሲጮህ ጆሮውን ይደፍናል፤ እኩዮቹ ኳስ ሲጫወቱ አጥሩን ተከትሎ ይዞራል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ፣ የዲኤስኤም-5 መስፈርት፣ የዘረዘራቸውን ሦስቱንም የማኅበራዊ ግንኙነት ችግሮችና ከአራቱ የድግግሞሽ ባሕርያት ቢያንስ ሁለቱን ይጠይቃል። ችግሩ ከልጅነት የጀመረ፣ ኑሮውንም የሚያውክ መሆን አለበት። ስለዚህ የልጁ ታሪክና የግቢው ምልከታ፣ በምርመራ ክፍሉ ካወራው ጥሩ ወሬ ይበልጥ ይመዝናሉ። የኦቲዝም መመርመሪያ መጠይቆችና የምልከታ ቅጾች የነጥብ መለኪያ የወጣው በሌሎች አገሮች ልጆች ላይ ስለሆነ፣ ነጥብ ብቻውን አይፈርድም።

ምክረ ሐሳቡ ላይ «ማኅበራዊ ድጋፍ ይደረግለት» ብሎ መጻፍ ለመምህርቷ ምንም አይሠራም። «ከደወሉ ራቅ ያለ ወንበር ይሰጠው፤ የቀኑ ፕሮግራም ጠዋት ዴስኩ ላይ ይለጠፍለት፤ ትእዛዝ አንድ በአንድ ይነገረው፤ በእረፍት ከአንድ ልጅ ጋር አጭር ጨዋታ ይጀመርለት» ቢል ግን ነገ ጠዋት ይሠራል። ከሦስት ወር በኋላ ማን እንደሚያየውም አብሮ ይጻፋል።